የኮልና የፑት ዋጋ ዝምድና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ አክሲዮን ላይ የተጻፉ፣ የተቆረጠላቸው ዋጋና የማብቂያ ቀናቸው አንድ የሆኑ ኮልና ፑት ዋጋቸው እንዳሻው አይሄድም። የአንዱ ዋጋ ከታወቀ የሌላው በመደመርና በመቀነስ ብቻ ይገኛል። ኦፕሽን የሚባሉትን እነዚህን ውሎች መማር የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀመሩን በቃላቸው ይይዙታል፤ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ግን ይቸገራሉ። እኔ ደግሞ ማረጋገጫውን የያዘ ሰው ቀመሩን ቢረሳው እንኳ በሁለት ደቂቃ መልሶ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች የሚያተኩሩት በማረጋገጫው ላይ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንጠቀመውም በአንድ ምሳሌ ነው።

ኮልና ፑት ምንድን ናቸው? «አውሮፓዊ» ሲባልስ ምን ማለት ነው?

ኮል አንድን አክሲዮን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ፑት በተቆረጠ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው። ሁለቱም ለገዢው መብት እንጂ ግዴታ አይደሉም፤ ካልጠቀመው ይተወዋል። ግዴታ ያለበት ውሉን የሸጠው ወገን ነው፤ ለዚህም ዛሬውኑ ዋጋውን ይቀበላል።

«አውሮፓዊ» የሚለው ስም ውሉ የት እንደሚሸጥ አይነግረንም። መብቱ የሚሠራው በማብቂያው ቀን ብቻ መሆኑን ነው የሚያመለክተው። «አሜሪካዊ» የሚባለው ውል ግን እስከ ማብቂያው ድረስ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ሊጠቀምበት ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ግን እኩልነቱን ሊያፈርሰው ይችላል።

ዝምድናው ምን ይላል?

እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

C + K·e^(−rT) = P + S

C የኮሉ የዛሬ ዋጋ ነው፣ P የፑቱ፣ S የአክሲዮኑ። K በሁለቱም ውሎች ላይ የተቆረጠው ዋጋ ነው። T እስከ ማብቂያው ቀን ያለው ጊዜ በዓመት ተለክቶ ነው፣ r ደግሞ ያለ ስጋት የሚገኘው ዓመታዊ ወለድ። ጀማሪዎችን የሚያስፈራው K·e^(−rT) የሚለው ክፍል ነው፤ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ዛሬ በአስተማማኝ ቦታ ብናስቀምጠው በማብቂያው ቀን ልክ K የሚሆን ገንዘብ ማለት ነው።

ምሳሌያችን ይህ ነው። አክሲዮኑ ዛሬ 102 ዶላር ያወጣል፤ በእነዚህ ስድስት ወራት ምንም የትርፍ ድርሻ አይከፍልም። ኮሉና ፑቱ ሁለቱም በ100 ዶላር የተቆረጡ ናቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ያበቃሉ። ከስድስት ወር በኋላ 100 ዶላር የሚከፍል የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ዛሬ በ97 ዶላር ይገዛል፤ ይህም በዓመት 6 በመቶ ገደማ ወለድ መሆኑ ነው። ቁጥሮቹን ስናስገባ C + 97 = P + 102 ይሆናል። ስለዚህ ኮሉ ከፑቱ በ5 ዶላር መብለጥ አለበት። ፑቱ 4 ዶላር ከሆነ ኮሉ 9 ዶላር ነው።

ይህ እኩልነት ከየት መጣ?

ሁለት ዘንቢሎች እናዘጋጅ። በመጀመሪያው ዘንቢል አንድ ኮልና በ97 ዶላር የተገዛ የግምጃ ቤት ሰነድ እናስገባለን። በሁለተኛው ዘንቢል አንድ አክሲዮንና አንድ ፑት እናስገባለን። ከዚያ ስድስት ወር ሳንነካቸው ቆይተን እንክፈታቸው።

አክሲዮኑ 130 ዶላር ደርሶ ቢሆንስ? ከመጀመሪያው ዘንቢል ሰነዱ 100 ዶላር ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ በኮሉ መብት አክሲዮኑን እንገዛለን። በእጃችን የቀረው 130 ዶላር የሚያወጣ አንድ አክሲዮን ነው። በሁለተኛው ዘንቢል ፑቱ ዋጋ የለውም፤ 130 የሚያወጣን ነገር በ100 የሚሸጥ የለምና። እዚህም የቀረው አንድ አክሲዮን ነው።

አክሲዮኑ ወደ 80 ዶላር ወርዶ ቢሆንስ? በመጀመሪያው ዘንቢል ኮሉ ከንቱ ይሆናል፤ 100 ዶላሩ ግን አለ። በሁለተኛው ዘንቢል አክሲዮኑን በፑቱ መብት በ100 ዶላር እንሸጠዋለን። እዚህም 100 ዶላር ነው። ዋጋው ልክ 100 ላይ ቢያርፍ ደግሞ መብቶቹን ብንጠቀም ባንጠቀም ሁለቱም ዘንቢሎች 100 ዶላር ያወጣሉ።

እንግዲህ አክሲዮኑ የትም ቢሄድ የሁለቱ ዘንቢሎች ይዘት በመጨረሻው ቀን አንድ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላ ድረስም ከየትኛውም ዘንቢል የሚወጣም ሆነ የሚገባ ገንዘብ የለም። መድረሻቸው አንድ ከሆነ፣ በመንገድም የሚለያያቸው ነገር ከሌለ፣ ዛሬ በሁለት ዋጋ ሊሸጡ አይችሉም።

«አይችሉም» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ዋጋው ቢዛባ ነጋዴው በትክክል ምን ያደርጋል?

የማረጋገጫው ጉልበት ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ኮሉ 9 ዶላር መሆን ሲገባው ገበያው 10 ዶላር ቢለው፣ የመጀመሪያው ዘንቢል በ1 ዶላር ተወደደ ማለት ነው። ነጋዴው የተወደደውን ዘንቢል ይሸጣል፣ የረከሰውን ይገዛል። ኮሉን ሽጦ 10 ዶላር ይቀበላል። 97 ዶላር ይበደራል፤ ይህ ሰነዱን ከመሸጥ ጋር አንድ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ 100 ዶላር ይመልሳል። በእነዚህ ገንዘቦች አክሲዮኑን በ102፣ ፑቱን በ4 ዶላር ይገዛል። የተቀበለው 107 ነው፣ የከፈለው 106። 1 ዶላር በእጁ ቀረ።

አሁን ዕዳው ምን እንደሚሆን እንመልከት። አክሲዮኑ 130 ከሆነ የኮሉ ገዢ መጥቶ 100 ዶላር ከፍሎ አክሲዮኑን ይወስዳል፤ በዚያ 100 ዶላር ብድሩ ይከፈላል። አክሲዮኑ 80 ከሆነ የኮሉ ገዢ አይመጣም፤ ነጋዴው አክሲዮኑን በፑቱ በ100 ዶላር ሸጦ ብድሩን ይከፍላል። በሁለቱም መንገድ ሂሳቡ ዜሮ ላይ ይዘጋል፤ የመጀመሪያው ቀን 1 ዶላር የእሱ ናት። ያለ መነሻ ገንዘብና ያለ ስጋት የሚገኝ ይህን መሰሉ ትርፍ ነው አርቢትራጅ የሚባለው።

ኮሉ ረክሶ 8 ዶላር ቢሆን ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። ነጋዴው አክሲዮኑን ከሌላ ሰው ተውሶ በ102 ይሸጣል፤ ፑቱን በ4 ይሸጣል፤ ኮሉን በ8 ይገዛል፤ 97 ዶላር በግምጃ ቤት ሰነድ ያስቀምጣል። 106 ተቀብሎ 105 ከፈለ። በማብቂያው ቀን ሰነዱ 100 ዶላር ይሰጠዋል። ዋጋው ከፍ ብሎ ከሆነ በኮሉ፣ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ፑቱን የገዛው ሰው አክሲዮኑን ስለሚያመጣለት፣ በ100 ዶላር አንድ አክሲዮን ያገኛል፤ ለተዋሰው ሰው ይመልሳል።

ይህን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሁሉም የተወደደውን ሲሸጥና የረከሰውን ሲገዛ ዋጋዎቹ ራሳቸው ተንቀሳቅሰው ክፍተቱ ይዘጋል። ማረጋገጫው «ዋጋው ፍትሐዊ ስለሆነ» የሚል አይደለም፤ ክፍተቱን ለመዝጋት የሚከፈል ገንዘብ ስላለ ይዘጋል ነው የሚለው።

ሁሉም ሰው አክሲዮኑ እንደሚወጣ ቢያምን ኮሉ ብቻውን አይወደድም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በትክክል እያሰበ ነው፤ መልሱ ግን አይወደድም ነው። እምነቱ መጀመሪያ የሚታየው በራሱ በአክሲዮኑ ዋጋ ነው፤ S ሲወጣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም አብሮ ይሰፋል። አክሲዮኑ 102 ላይ ቆሞ ሳለ ኮሉ ለብቻው ሊወደድ ግን አይችልም።

ገበያው ከባድ ዜና እየጠበቀ ነው እንበል፤ አክሲዮኑ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ብዙ እንደሚንቀሳቀስ ግን ሁሉም ይጠብቃል። ኮሉ ከ9 ወደ 12 ቢወጣ ፑቱ ከ4 ወደ 7 መውጣት አለበት። ልዩነቱ 5 እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱን ዘንቢሎች ስንከፍት አክሲዮኑ 130 የመድረስ ዕድሉ ስንት እንደሆነ አንድ ጊዜም እንዳልጠየቅን ልብ ይበሉ።

ሃንስ ስቶል ይህን ዝምድና በጥናታዊ ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ዝነኛው የብላክና ሾልስ የኦፕሽን ዋጋ ቀመር የታተመው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነው። የብላክና ሾልስ ቀመር አክሲዮኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ መገመትን ይፈልጋል፤ የእኛ እኩልነት ግን ስለ አክሲዮኑ እንቅስቃሴ ምንም ግምት አይፈልግም። ስለዚህ ማንኛውም የኦፕሽን ዋጋ ማስሊያ ለእኩልነቱ መገዛት አለበት። ኮምፒውተር ላይ የራስዎን ማስሊያ ጽፈው C − P ከ S − K·e^(−rT) ጋር ካልገጠመ፣ ስህተቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ይፈልጉ።

የትርፍ ድርሻ የማይከፍል አክሲዮን ለምን ተመረጠ?

በመንገድ ላይ ከዘንቢሎቹ የሚወጣ ገንዘብ የለም ስላልን ነው። አክሲዮኑ ከሦስት ወር በኋላ 2 ዶላር የትርፍ ድርሻ ቢከፍል፣ ሁለተኛውን ዘንቢል የያዘው ሰው 2 ዶላሩን ይወስዳል። ኮል የያዘው ሰው ግን የመግዛት መብት እንጂ አክሲዮን ስለሌለው ምንም አያገኝም። ዘንቢሎቹ መንታ መሆናቸው ይቀራል።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም፤ የሚጠበቀውን የትርፍ ድርሻ የዛሬ ዋጋ ከአክሲዮኑ ዋጋ ላይ መቀነስ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚከፈል 2 ዶላር ዛሬ 1.97 ገደማ ነው። ስለዚህ የኮሉና የፑቱ ልዩነት ከ5 ዶላር ወደ 3.03 ይወርዳል። ይህን የረሳ ሰው ወደ 2 ዶላር የሚጠጋ «ነፃ ትርፍ» ያገኘ ይመስለዋል።

ውሎቹ አሜሪካዊ ቢሆኑ ምን ይበላሻል?

ይህ ጥያቄ በተግባር በጣም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአሜሪካ ገበያ በነጠላ ኩባንያ አክሲዮኖች ላይ የሚሸጡት ኦፕሽኖች በአብዛኛው አሜሪካዊ ናቸው። በኤስ ኤንድ ፒ 500 አመላካች ላይ ያሉት ግን አውሮፓዊ ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው በተገለበጠው ንግድ ላይ ነው። ኮሉ ረክሶ፣ ነጋዴው አክሲዮን ተውሶ ሸጦ፣ ፑቱንም ሸጦ ነበር። በሦስተኛው ወር አክሲዮኑ ወደ 20 ዶላር ወደቀ እንበል። የፑቱ ገዢ ስድስት ወር እስኪሞላ ለምን ይጠብቃል? ዛሬውኑ አክሲዮኑን አምጥቶ 100 ዶላሩን ይጠይቃል። ነጋዴው ያስቀመጠው 97 ዶላር ግን በሦስት ወር የደረሰው ገና 98.49 ገደማ ነው፤ 1.51 ይጎድለዋል። በመጀመሪያው ቀን ያገኛት 1 ዶላር ይህን አትሸፍንም።

የትርፍ ድርሻ በማይከፍል አክሲዮን ላይ የተጻፈን ኮል ከጊዜው በፊት መጠቀም ወለዱ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ አያዋጣም፤ 100 ዶላሩን አስቀድሞ መክፈል ወለዱን ማጣት ነውና። ፑት ላይ ግን ሊያዋጣ ይችላል። ስለዚህ አሜሪካዊው ፑት ከአውሮፓዊው ሊወደድ ይችላል፤ እኩልነቱም ወደ ክልል ይለወጣል፦

S − K ≤ C − P ≤ S − K·e^(−rT)

በእኛ ምሳሌ ልዩነቱ ከ2 እስከ 5 ዶላር ባለው ውስጥ ይውላል። 4 ዶላር ሆኖ ካገኙት ገበያው አልተሳሳተም።

ስክሪን ላይ እኩልነቱ ሲፈርስ አየሁ። ገንዘብ አገኘሁ ማለት ነው?

እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከመጨረሻው የንግድ ዋጋ ተነስቼ ሳሰላ ሰፊ ክፍተት ወጣልኝ፤ ደስታዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ሰዓቱን ሳይ ፑቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠው ጠዋት፣ አክሲዮኑ ደግሞ ገበያው ሊዘጋ ሲል ነበር። በመካከሉ አክሲዮኑ ብዙ ተንቀሳቅሷል። የማነጻጽረው የሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን ዋጋ ነበር። ብዙ የማይሸጡ ኦፕሽኖች ላይ ይህ ዘወትር ያጋጥማል።

ስለዚህ ማየት ያለብን አሁን ገዢ የሚሰጠውንና ሻጭ የሚጠይቀውን ዋጋ ነው። በምሳሌያችን ኮሉ 10 ዶላር ነው ስንል ይህ መካከለኛው ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ገዢ 9.60 ይሰጣል፣ ሻጭ 10.40 ይጠይቃል። ፑቱን ለመግዛት 4.30፣ አክሲዮኑን ለመግዛት 102.05 መክፈል አለብን እንበል። አሁን እናስላ፤ 9.60 እና 97 እንቀበላለን፣ 4.30 እና 102.05 እንከፍላለን። 1 ዶላር የነበረው ትርፍ 25 ሳንቲም ሆነ። ነገር ግን እኛ መንግሥት አይደለንም፤ የሚያበድረን ሰው ከፍ ያለ ወለድ ስለሚጠይቅ ለ100 ዶላር የመመለስ ቃላችን 97 ሳይሆን 96.70 ብቻ ቢሰጠን፣ የ5 ሳንቲም ኪሳራ ላይ ነን። ኮሚሽኑን ገና አልቆጠርንም።

ስለዚህ በተግባር እኩልነቱ ቀጭን መስመር አይደለም፤ ወጪው የሚወስነው ስፋት ያለው መንገድ ነው። ዋጋዎቹ በዚያ መንገድ ውስጥ እስካሉ ድረስ ማንም ሊያስተካክላቸው አይነሳም።

በእርግጥ የፈረሰበት ጊዜ አለ?

አለ፤ በጣም ግልጽ የሆነው በ2000 የፓልም ኩባንያ አክሲዮን ላይ የሆነው ነው። ስሪኮም የተባለው ኩባንያ የእጅ ኮምፒውተር ከሚሠራው ቅርንጫፉ ከፓልም ጥቂቱን፣ 5 በመቶ ገደማ፣ መጋቢት 2 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሸጠ። የተቀረውን በኋላ ለስሪኮም ባለአክሲዮኖች እንደሚያከፋፍል አስታውቆ ነበር። የፓልም ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ከመሸጫው 38 ዶላር ተነስቶ 95 ዶላር ገደማ ላይ ዘጋ። በዚያ ዋጋ ሲሰላ ስሪኮም የያዘው የፓልም ድርሻ ብቻውን ከመላው ስሪኮም በለጠ። የፓልም ዋጋ ከልክ ያለፈ መሆኑን ለማወቅ መደመር የሚችል ሰው በቂ ነበር።

በዚያው ወር በፓልም ላይ ኦፕሽኖች መሸጥ ሲጀምሩ ፑቶቹ ከኮሎቹ እጅግ ተወደዱ። ኮል በመግዛት፣ ፑት በመሸጥና ገንዘብ በማስቀመጥ በኦፕሽን ገበያ የሚሠራው «ፓልም» ከእውነተኛው አክሲዮን በጣም ረክሶ ተገኘ። ፓልም የትርፍ ድርሻ አይከፍልም ነበር። ውሎቹ አሜሪካዊ ቢሆኑም ክፍተቱ አስቀድሞ የመጠቀም መብት ሊያብራራው ከሚችለው በላይ ሰፊ ነበር።

ታዲያ ነጋዴዎች ለምን አልዘጉትም? ንግዱ የሚጠይቀው እውነተኛውን አክሲዮን ተውሶ መሸጥ ነው። ገበያ ላይ የነበረው አክሲዮን ጥቂት፣ መዋስ የፈለገው ሰው ብዙ ስለነበር፣ የሚያውስ ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ ሲገኝም ውድ ነበር። ከሁለቱ የአርቢትራጅ እጆች አንዱ ታስሮ ነበር ማለት ነው። ከማረጋገጫው ውስጥ «አክሲዮኑን ከሌላ ሰው ተውሶ ይሸጣል» የሚለውን አንዲት ሐረግ ብናወጣ እኩልነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ይሆናል፤ ኮሉ ከልክ በላይ እንዳይወደድ ይከለክላል፣ እንዳይረክስ ግን አይከለክልም። ዛሬም ፑቶች ያለ ምክንያት የተወደዱ ሲመስልዎት መጀመሪያ የሚጠየቀው አክሲዮኑን ለመዋስ ስንት ይከፈላል የሚለው ነው።

ከእነዚህ ዋጋዎች የወለዱን መጠን ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል። እኩልነቱን እንዲህ እንጻፈው፦

S + P − C = K·e^(−rT)

አክሲዮን ገዝቶ፣ ፑት ገዝቶ፣ ኮል የሸጠ ሰው ዛሬ 102 + 4 − 9 = 97 ዶላር ያወጣል፤ ከስድስት ወር በኋላ አክሲዮኑ የትም ቢሆን 100 ዶላር ይቀበላል። ይህ ሰው በስሙ አክሲዮን ቢኖርም በተግባር ያደረገው 97 ዶላር ማበደር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኒው ዮርክ በፑትና በኮል ንግድ የታወቀው ራስል ሴጅ ከዚህ ዘዴ ጋር ስሙ ይነሳል። በግዛቲቱ ሕግ ለወለድ ጣሪያ ተቀምጦለት ነበር። ከደንበኛው አክሲዮንና ፑት ገዝቶ ኮል ለሚሸጥለት ሰው ግን በወረቀት ላይ ብድር የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሦስት ግዢና ሽያጭ ነው። ኮሉን አስወድዶ፣ ለምሳሌ 12 ዶላር ቢያደርገው፣ 94 ዶላር ሰጥቶ 100 ይቀበላል። ወለዱ በስድስት ወር ከ6 በመቶ በላይ ሆነ፤ ተደብቆ ያለውም በኮሉ ዋጋ ውስጥ ነው።